ስምንት በመቶ፣ አምስት በመቶ፣ 378 ብር

ነሐሴ 2017 ዓ.ም፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የፋብሪካው ክበብ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ወንበሮቹ ተደርድረው ስብሰባ አዳራሽ ሆኗል። የቀን ፈረቃው ቱታውን ሳያወልቅ ገብቶ ተቀምጧል፤ ቦታ ያጣው በመስኮቱ በኩል ቆሟል። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ። የደመወዝ ሂሳብ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀውም ሦስት ቀን ሙሉ ምሳዬን ቢሮ ውስጥ ነው የበላሁት። ክበብ ከገባሁ «ስንት ተያዘ?» የማይለኝ ሰው የለም።

ፋብሪካው የፕላስቲክ ማሸጊያ ያመርታል። ስሙ ለጉዳዩ አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹንም አንባቢ እንዲከተላቸው ክብ አድርጌያቸዋለሁ። 150 ሠራተኛ አለው፤ የወር ደመወዙ ጠቅላላ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። በአማካይ ለአንድ ሰው 12 ሺህ ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ያለፈው ዓመት ንግግሩ አልሆነለትም ነበር። ከዓለም ኢኮኖሚ ጀምሮ፣ በነዳጅ ዋጋ አድርጎ፣ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ብሎ ቁጥሩ ላይ የደረሰው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው አንድም ቃል አልሰማውም። ቁጥሩን የሚጠብቅ ሰው ምክንያት አይሰማም፤ ምክንያቱ በረዘመ ቁጥር «ምንም የለም ማለት ነው» እያለ በልቡ ይቀንሳል። በዚህ ዓመት ግን ማይኩን እንደያዘ እንዲህ አለ፦

«ለደመወዝ ጭማሪ የተያዘው በጀት ከጠቅላላ ደመወዛችን 8 በመቶ ነው። ብዙዎቻችሁ 20 እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። መጀመሪያ ለምን 8 እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ለምን እያንዳንዳችሁ 8 እንደማታገኙ እነግራችኋለሁ።»

ክበቡ ጸጥ አለ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚናገር አለቃ ብዙ አላየሁም።

ከዚያ ነጭ ሰሌዳው ላይ አንድ በመቶ ምን ያህል ብር እንደሆነ ጻፈ። የ1 ሚሊዮን 800 ሺህ አንድ በመቶ በወር 18 ሺህ ብር ነው። በዚያ ላይ ድርጅቱ ለጡረታ የሚከፍለው 11 በመቶ አለ፤ 1,980 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 19,980፤ በአሥራ ሁለት ወር ሲባዛ ወደ 240 ሺህ ብር ይጠጋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያም በመነሻ ደመወዝ ስለሚሰላ አብሮ ያድጋል፤ እሱን ለጊዜው ትተነዋል። እንግዲህ 20 በመቶ ማለት በዓመት 4 ሚሊዮን 800 ሺህ፣ 8 በመቶ ማለት 1 ሚሊዮን 920 ሺህ ገደማ ነው። ይህ ደግሞ የዘንድሮ ወጪ ብቻ አይደለም። ጭማሪ መነሻው ውስጥ ስለሚገባ በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ዓመት ይከፈላል፤ የሚመጣው ጭማሪም በላዩ ላይ ይሰላል። ቦነስ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል። ገንዘቡ መኖሩ እየታወቀ «ቦነስ እንሰጣለን እንጂ ጭማሪ አንችልም» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሠራተኛው እንደ ማታለያ ይቆጥረዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ጭማሪ ውድ መሆኑን ነው የሚያስረዳው። ለምን እንዳነሰ አላስረዳም። ያንን ያስወጣው ከማሽን ክፍል የተነሡ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ እጃቸውን በቱታቸው እየጠረጉ። «ዓምና አንድ ጥቅል የምንሸጥበትን ዋጋ አውቃለሁ፤ የምጭነው እኔ ነኝ፣ ደረሰኙን አየዋለሁ። ዘንድሮ በእጥፍ ሊሸጥ ምንም አልቀረው። ደመወዜ በእጥፍ አላደገ። ልዩነቱ የት ገባ?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «መዝገባችን ላይ ትርፋችን ዓምና ከነበረው አድጓል። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔ ልንገራችሁ። ትርፍ አለ፤ ጥሬ ገንዘብ ግን የለም።»

እዚህ ላይ ንግግሩን ልቁረጠውና ነገሩን ላብራራ፤ ብዙ የሀገራችን ድርጅቶች በ2017 በጀት ዓመት የገጠማቸው ይኸው ነውና። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀመረ። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካ በዚያን ዕለት መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ዕቃ በድሮው ዋጋ የተገዛ ነው። ምርቱን የሚሸጠው ግን በአዲሱ ዋጋ ነው።

አንድ ጭነት እንውሰድ። የ10 ሺህ ዶላር ጥሬ ዕቃ በድሮው ተመን 570 ሺህ ብር ፈጅቷል። ተመርቶ በ1 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። ደመወዝ፣ መብራት፣ ጥገናና የመሳሰለው 200 ሺህ ወሰደ። መዝገቡ ላይ 230 ሺህ ብር ትርፍ ይታያል፤ ያማረ ትርፍ ነው። ከዚህ ላይ 30 በመቶ የትርፍ ግብር አለ፤ 69 ሺህ። ከሽያጩ ወጪውና ግብሩ ሲነሣ በእጅ የሚቀረው 731 ሺህ ብር ነው። አሁን ያንኑ ጭነት፣ አንድ ኪሎ ሳይጨመርበት፣ መልሶ ለመግዛት ዶላሩ 120 ብር ቢሆን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ያስፈልጋል። ጎደሎው 469 ሺህ ነው። ፋብሪካው አትርፏል፣ በትርፉም ግብር ከፍሏል፣ ግን የሸጠውን ዕቃ መተካት አቅቶታል።

ገበሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወዲያው ይገባው ነበር። በሬውን ጥሩ ዋጋ አውጥቶ ሸጠ፤ ወደ ገበያ ዞር ሲል የሌላ በሬ ዋጋ ከሸጠበት በላይ ሆኖ ጠበቀው።

ጎደሎውን ማን ይሞላዋል? ባንክ፣ በተለመደው አካሄድ። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ጣሪያውን ወደ 18 ከፍ አደረገው። ዋጋው በእጥፍ ያደገበት አስመጪ እጥፍ ብድር ይፈልጋል፤ ባንኩ ግን ያኔ ለሁሉም ደንበኛው በጥቅሉ ማሳደግ ይችል የነበረው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ጎደሎውን የሞሉት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ ለማሽን፣ ለመለዋወጫ፣ ለደመወዝ ጭማሪ ከታሰበው። የትርፍ ግብሩም እስከ ጥቅምት መጨረሻ መከፈል ስላለበት በነሐሴ ሒሳብ ውስጥ የሚታየው ገንዘብ ከፊሉ የሰው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ነው የነገራቸው፤ ያውም በገንዘብ ሳይሆን በቶን። «ዓምና በዚህ ወር መጋዘን የነበረን ጥሬ ዕቃ ይህን ያህል ቶን ነበር። ዛሬ ከግማሹ ትንሽ ይበልጣል። መጋዘን ጠባቂያችን እዚህ አለች፣ ጠይቋት።» ሁሉም ዞር ብሎ አያት። ራሷን ነቀነቀች። ከሰሌዳው ቁጥር ሁሉ ይልቅ ያቺ ንቅናቄ አሳመነች ብዬ አምናለሁ፤ ጋሼም ተቀመጡ።

ደግሞ ይህ ምክንያት የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው። የድሮው ዕቃ ካለቀ በኋላ የመግዣም የመሸጫም ዋጋ በአዲሱ ተመን ስለሚሆን ትርፉና ጥሬ ገንዘቡ መልሰው ይቀራረባሉ። በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ የሚደግም አለቃ ሲመጣ ሠራተኛው ሁለት ነገር ቢጠይቅ ያዋጣዋል፦ ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ተከፋፍሏል ወይ? የሥራ አመራሩ ጭማሪስ ስንት ነው? ጥሬ ገንዘብ የሌለው ድርጅት ለባለቤቶቹም አይኖረውም። እዚያ ስብሰባ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ «ከመምሪያ ኃላፊ በላይ ዘንድሮ ጭማሪ የለም» የሚል መልስ ተሰጠ። እውነት ነበር፤ ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃሉ ልምጣ፤ ለምን 8 በመቶው ለእያንዳንዱ ሰው 8 እንደማይሆን። ሰው የሚሰማው ቁጥርና በደመወዙ ወረቀት ላይ የሚያገኘው ቁጥር የሚለያዩበት ቦታ እዚህ ነው፤ አብዛኛው ቅሬታም የሚወለደው እዚሁ ነው።

8 በመቶ በወር 144 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 18 ሺህ ብሩ በዓመቱ ውስጥ ወጥቷል። ሦስት የማሽን ቴክኒሻኖች ከሌላ ፋብሪካ ጥሪ መጥቶላቸው መልቀቂያ አስገብተው ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው 6 ሺህ ተጨምሮላቸው ቀሩ። ሌላ 18 ሺህ ዕድገት ላገኙ ሠራተኞች ነው። ሦስተኛው 18 ሺህ ደግሞ እርከናቸው ዝቅተኛ ለሆነ 30 ሰዎች፣ 600 ብር ለእያንዳንዳቸው፣ አዲስ ከሚቀጠሩት በታች እንዳይሆኑ የተያዘ ማስተካከያ ነው። ለጠቅላላው ሠራተኛ የቀረው 90 ሺህ ብር፣ ማለትም 5 በመቶ ነው።

አማካይ ደመወዝ ያለው፣ 12 ሺህ የሚያገኝ ሰው «8 በመቶ» ሲባል በልቡ 960 ብር አስልቷል። የሚያገኘው 5 በመቶ ነው፤ 600 ብር። ከ600ው ላይ 30 በመቶ የሥራ ግብር፣ 180 ብር፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ 42 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 378 ብር ነው። 960 ብሎ ሚስቱን ያዋየ ሰው 378 ይዞ ሲገባ የሚሰማው ስሜት ጭማሪ ከማጣት ይብሳል። ስለዚህ ለሰው መነገር ያለበት የመጨረሻው ቁጥር ነው። የእኛ ሥራ አስኪያጅ እስከ አምስቱ በመቶ ደረሰና ቆመ። 378ን ሰሌዳው ላይ አልጻፈውም። ድፍረቱ እዚያ ላይ አለቀ መሰለኝ።

ይባስ ብሎ አንድ ስሕተት ሠራ። የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ የየእርከኑም ወሰን ተቀይሯል። በ12 ሺህ ብር ደመወዝ ላይ በድሮው ስሌት 2,700 ብር ይቆረጥ ነበር፤ በአዲሱ 2,250 ነው። 450 ብር ይተርፋል። እሱም «ያንን ስትደምሩበት ዘንድሮ በእጃችሁ የሚገባው ቀላል አይደለም» አለ። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ከማሸጊያ ክፍል አንዲት ልጅ ሳትነሣ፣ እዚያው ተቀምጣ መለሰችለት፦

«እሱንማ መንግሥት ነው የተወልን። እርስዎ የሰጡን የቱ ነው?»

ያኔ ክበቡ ሳቀ፤ ይሄኛው ሳቅ እውነተኛ ነበር፣ እሱም አብሮ ከመሳቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ነገሩ አልበረደም፤ የግብሩ ቅናሽ ከጭማሪው እንደሚበልጥ ያላሰላው ሁሉ ያን ጊዜ አሰላ። የሌላውን ስጦታ በራስ መዝገብ የሚያስገባ ንግግር ቀደም ብሎ የተባለውን እውነት ሳይቀር ያስጠረጥራል። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ እንደሚሻሻል፣ ዝቅተኛው መነሻም ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ እንደሚል ተነግሮ ስለነበር ጆሮ ሁሉ ለንጽጽር ክፍት ነበር።

90 ሺህ ብሩ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ላይ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ክርክሩ ቀድሞ አልቆ ነበር። በመቶኛ ከተሰጠ 5 ሺህ ብር የሚያገኘው ጥበቃ 250 ብር፣ 40 ሺህ የሚያገኘው መምሪያ ኃላፊ 2,000 ብር ይደርሰዋል። እኩል ከተሰጠ ለሁሉም 600 ነው፤ ለጥበቃው 12 በመቶ ሲሆን ለኃላፊው አንድ ተኩል በመቶ ነው። ጤፍና የቤት ኪራይ በመቶኛ አይገዛም የሚለው የማኅበሩ ክርክር ነበር። የአስተዳደሩ ክርክር ደግሞ ሦስቱ ቴክኒሻኖች እንደታዘዙት ሁሉ ሌሎችም ይሄዳሉ የሚል ነበር። ግማሹን በእኩል ብር፣ ግማሹን በመቶኛ ለማድረግ ተስማሙ። ለአማካዩ ሰው በሁለቱም መንገድ 600 ስለሚሆን የእሱ 378 አልተነካም።

ይህ ድርድር የቸርነት ጉዳይ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የግል ድርጅት በየዓመቱ ደመወዝ እንዲጨምር አያስገድድም፤ ለግል ድርጅቶች የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝም በሀገራችን እስካሁን የለም። የኅብረት ስምምነት ካለና በውስጡ የእርከን ጭማሪ ከተጻፈ ግን ያ ግዴታ ነው፤ በጀት አነሰ ተብሎ በንግግር አይነሣም። አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሳያነብ ማይክ ይይዝና ያለውን በማግስቱ በደብዳቤ ይሽራል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ጊዜው። ይህ ስብሰባ በነሐሴ መደረጉ ራሱ ጥፋት ነበር። በሰኔ የበጀቱ አቅጣጫ ይታወቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። በሐምሌ ሰው ዕቁብ ይገባል። በነሐሴ የልጅ ምዝገባ ይከፍላል፤ አከራዩም ቀጣዩን ኪራይ የሚናገረው ያኔ ነው። ስብሰባው ሲጠራ 20 በመቶው በብዙ ቤት ውስጥ ተበልቶ አልቆ ነበር። ከማሸጊያ ክፍል አንዷ «በጭማሪው ብዬ የሁለት ሺሁን ዕቁብ ገብቻለሁ» ስትለኝ የምመልሰው አጥቼ የደመወዝ ወረቀቷን ብቻ ዘረጋሁላት። በሰኔ «20 አትጠብቁ» የሚል የአምስት ደቂቃ ቃል ቢነገር ከነሐሴው ሰሌዳ ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

ንግግር መስመሩን መሳቱ ወዲያው በአዳራሹ ውስጥ አይታወቅም። ጭብጨባም ዝምታም ምልክት አይሆንም። እኛ ቢሮ የምንመለከተው ሌላ ነው፤ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚጠይቀውን ሰው ቁጥር። ዓምና ከዚያ የአርባ ደቂቃ ንግግር በኋላ 19 ሰው ጠይቋል። ዘንድሮ ሰባት፤ ከሰባቱ አራቱ ከማሽን ክፍል ናቸው፣ ሦስቱ ቴክኒሻኖች 6 ሺህ እንዴት እንዳገኙ በሰሌዳው ላይ ያነበቡት። ግልጽነት ዋጋ አለው ማለት ነው፤ መልቀቂያ ማስገባት እንደሚያዋጣ ራሱ ሥራ አስኪያጁ በቁጥር አስተምሯቸዋል።

ስብሰባው ሊያበቃ ሲል «ባንኩ የጠየቅነውን ብድር ከፈቀደ በጥር እንደገና እናየዋለን» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ማይኩን ወደ ጠረጴዛው እየመለሰ። ሰው መነሣት ጀምሮ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ ደብተሯን ከፍታ ከፊት ወንበር ተነሣች።

«ቃለ ጉባኤው ላይ እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አለችው። «‹እናየዋለን› ልበል፣ ወይስ ‹እንጨምራለን›?»

ትንሽ አሰበና «‹እናየዋለን› በይ» አላት። «ጥር 15 ብለሽ ቀኑን ጨምሪበት።»

ጻፈችው፤ ደብተሩን አዙራም እንዲፈርምበት እስክሪብቶዋን ዘረጋችለት።